“አነቅሽኝ” እና “ጣልሽኝ” ከአንድ ክፍል ሲመጡ

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ስድስት ወሬ ነው፤ ዕድሜዬ 31 ነው። በሥሬ አራት ሰዎች አሉ። አዲስ ተመራቂ ልጅ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ትሠራለች፣ የባንኩን ስቴትመንት ከእኛ መዝገብ ጋር ታስታርቃለች፤ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ቫት ያሳውቃል፤ አሥር ዓመት የሠራች ባልደረባችን ፔይሮል ይዛለች፤ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ጡረታቸው የተቃረበ ጋሼ ናቸው። እንዳላበላልጥ ብዬ ለሁሉም ጠዋት ሥራ እሰጣለሁ፣ ማታ አንድ በአንድ አያለሁ። የፔይሮሏ “አነቅሽኝ” አለችኝ። አዲሷ “ጣልሽኝ” ብላ አለቀሰች። የቫቱ ልጅ ያለ እኔ አንድ መስመር አይሞላም፤ ጋሼ የሂሳብ ሶፍትዌራችንን ፒችትሪን አልነካም ብለዋል። ሠራተኛን እንደ ዝግጁነቱ በአራት ሣጥን ከፍሎ አመራርን መለዋወጥ የሚያስተምረውን የሲቹዌሽናል ሊደርሺፕ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ማንን በየትኛው ሣጥን እንደማስቀምጥ ግን ግራ ገባኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥልጠናው ላይ የተሳለልሽ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ሰው አይደለም። የሚገባው ሰውየው የያዘው አንድ ሥራ ነው። ጋሼን “ዝግጁ” ወይም “ያልተዘጋጁ” ብለሽ ልትፈርጂ ስትሞክሪ ግራ የሚገባሽም ለዚህ ነው፤ ካዝናው ላይ ማንም የማይደርስባቸው ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ጀማሪ ናቸው። አራት ሰዎች አሉሽ፣ ስለዚህ አራት ውሳኔ ይበቃኛል ብለሽ ይሆናል። ሥራዎቹን ብትቆጥሪያቸው ግን ምናልባት አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

ይህን አካሄድ ፖል ሄርሲ እና ኬን ብላንቻርድ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1969 ነው ያቀረቡት። መሪው የሚሰጠውን ነገር በሁለት ከፈሉት። አንዱ መመሪያ ነው፦ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት፣ በምን ቅደም ተከተል፣ እስከ መቼ። ሌላው ድጋፍ ነው፦ ማዳመጥ፣ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ሐሳብ መጠየቅ፣ ማበረታታት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው መመሪያው ይበዛል። ማወቅ ሲጀምር መመሪያው ሳይቀንስ ድጋፉ ይጨመራል። ሥራውን ችሎ ልቡ ሲፈራ መመሪያው ይቀንሳል፣ ድጋፉ ይቀራል። ችሎም ተማምኖም ሲገኝ ሁለቱም ይቀንሱና ሥራውን ይረከባል። ከዚህ በላይ ያለው ዝርዝር ለአሠልጣኞች ይቆይ።

አሁን አንቺ የምታደርጊውን በዚህ ዓይን እንየው። ጠዋት ሥራ መስጠት መመሪያ ይመስላል፣ ማታ ማየት ደግሞ ክትትል። ነገር ግን “የየካቲትን ሪኮንሲሌሽን ሥሪ” ማለት መመሪያ አይደለም፤ የሥራውን ስም መጥራት ነው። ማታ ስሕተቱን ማግኘት ደግሞ ቁጥጥር ነው። ሥራውን ለማታውቀው ልጅ ቀኑን ሙሉ ምንም አልሰጠሻትም፣ ማታ ግን ስሕተቷን ነገርሻት። ሥራውን ለምታውቀው ደግሞ የማያስፈልጋትን ቁጥጥር ጨመርሽባት። ለዚህ ነው አንዱ ድርጊትሽ አንዷን አንቆ ሌላዋን የጣለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከአዲሷ ልጅ ልጀምር፤ ከአራቱ ቶሎ ሊስተካከል የሚችለው የእሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪኮንሲሌሽን የተማረችው በአንድ ገጽ ጥያቄ ነው፤ አንቺ የሰጠሻት ግን የሁለት ወር ስቴትመንትና የቼክ ጉርድ የተከመረበት ፋይል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጠገቧ ተቀመጪና ቅደም ተከተሉን በቃል ሳይሆን በወረቀት ስጫት። ከስቴትመንቱ የመጨረሻ ሂሳብ ተነሺ። ባለፈው ወር ሳይመነዘሩ የቀሩትን ቼኮች መጀመሪያ ምልክት አድርጊ። ከዚያ የዚህን ወር ቼክ በቁጥር ቅደም ተከተል አስተያዪ። ቀጥሎ ገቢዎቹን፣ መጨረሻ ላይ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ። አራት ሰዓት ላይ እስከዚህ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እስከዚያ ድረሺና ጥሪኝ በያት። ይህ ማነቅ አይደለም። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ይህ ዕረፍት ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር ልስጥሽ፤ ከአንደኛው አመራር ወደ ሁለተኛው መቼ እንደሚታለፍ የሚታየው በዚህ ነው። ስቴትመንቱ 482,350 ብር ይላል እንበል። ባንክ ገብቶ ገና ያልታየ ገቢ 36,000፣ ያልተመነዘሩ ቼኮች 51,200። ስለዚህ የተስተካከለው የባንክ ሂሳብ 467,150 ይሆናል። የእናንተ የሂሳብ መዝገብ፣ ሌጀሩ፣ ግን 467,510 ያሳያል። ልዩነቱ 360 ብር ነው። ልጅቷ ቼክ በቼክ እንደገና ከመጀመሪያ ስትቆጥር ከሰዓቱ ያልቅባታል፣ እንባዋም ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት አንቺ የምትያት፦ “360ን ለ9 አካፍዪው። ያለ ቀሪ 40 ወጣ። እንግዲህ አንድ ቁጥር ተገላብጦ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጊ።” ትፈልጋለች፤ ለትራንስፖርት የወጣ 8,510 ብር ቼክ በሌጀሩ 8,150 ተብሎ ተመዝግቦ ታገኘዋለች። ይህ መንገር ነው። ምን እንደምታደርግ ነገርሻት፣ አደረገች።

በሦስተኛው ሳምንት ተመሳሳይ ልዩነት ሲመጣ ግን አትንገሪያት። “ለምን ለ9 የምናካፍል ይመስልሻል?” በያት። ሁለት አጎራባች አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ9 ብዜት እንደሚሆን 51 እና 15ን ጽፋ ራሷ ታየው፤ 36 ነው። ከዚያ የምትፈልግበትን መንገድ እሷ ትንገርሽ፣ አንቺ አስተካክዪ። እዚህ ላይ መመሪያው አልቀነሰም፤ ምክንያቱና ጥያቄው ተጨመረበት እንጂ። ብዙ አለቆች የሚወድቁት እዚህ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ በጉጉት ትመጣለች፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሳስታ ፊቷ ይጠቁራል፤ አለቃው ወይ “ሰነፈች” ይላል፣ ወይ አዝኖላት ሥራውን ይቀንስላታል። ብላንቻርድ ኋላ ከሄርሲ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ቅጂ ይህችን ዝቅታ ለብቻዋ ያስቀመጣት በትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፦ ጀማሪ ጓጉቶ ይጀምራል፣ የሥራውን ክብደት ሲያይ ጉጉቱ ይወድቃል። በሄርሲ ሥዕል ደግሞ ጀማሪው ከመነሻው የሚፈራ ነው። በአንዱ ሠልጥነሽ የሌላውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ከለጠፍሽ ግራ መጋባትሽ አይገርምም። ሁለቱም ለዚህች ልጅ የሚያዙት ግን ያው ነው፤ ተስፋ ስትቆርጥ መመሪያውን አትንጠቂያት፣ ድጋፉን ጨምሪላት።

ማልቀሷ የነገረሽን ሌላ ነገርም ልብ በዪ። ከማልቀሷ በፊት “ገብቶሻል?” ስትያት ምን አለችሽ? “እሺ”፣ “አዎ፣ ገብቶኛል” እንዳለችሽ አልጠራጠርም። እኛ ቤት “እሺ” አክብሮት ነው እንጂ መረጃ አይደለም። ለአለቃ “አልገባኝም” ማለት ድፍረት ይመስለናል፤ ስለዚህ ዝግጁነትን ጠይቀሽ አታውቂውም፣ አሳዪኝ ብለሽ ነው የምታውቂው። እኔ አንድ ሰው በአንድ ሥራ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ የምጠይቀው፦ ይህን ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻህን የሠራኸው መቼ ነው? ውጤቱን አሳየኝ። መሃል ላይ ስትቸገር ምን አደረግህ? የሦስተኛው መልስ ከሁለቱ ይበልጣል። “ለእርስዎ አመጣሁት” የሚለኝና “ሁለት መንገድ ሞክሬ ይሄኛው ሠራ” የሚለኝ፣ ውጤታቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም።

ወደ ቫቱ ልጅ ስመጣ፣ ክፍልሽ ውስጥ በጣም የተሳሳተ ግምት የወሰድሽው እሱ ላይ ይመስለኛል። ያለ አንቺ አንድ መስመር የማይሞላ ሰው ሲታይ የማይችል ይመስላል። አንቺም ተቀምጠሽ ታስተካክዪለታለሽ። ምናልባት ግን ይችላል፤ የጎደለው እጁ ሳይሆን ልቡ ነው። እነዚህን ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፣ በሰነድ ግን ይቻላል። ያለፉትን የሦስት ወር የቫት ማሳወቂያዎች አውጪ፤ እሱ ያመጣልሽን ረቂቅ አንቺ አይተሽ ከላክሽው ጋር አስተያዪ። የሽያጩን 15 በመቶ፣ ተቀናሽ የሚሆነውን የግዢ ቫት፣ ውድቅ ያደረጋቸውን ደረሰኞች። አንቺ የለወጥሽው ቁጥር ካለ፣ እሱ ገና መመሪያ ይፈልጋል። ምንም ካልለወጥሽ ግን ለሦስት ወር ያደረግሽው ነገር የእሱን ትክክለኛ ሥራ በራስሽ እጅ ማጽደቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጋ መመሪያ በጨመርሽ ቁጥር “እኔ አልችልም ማለት ነው” የሚለውን ግምቱን ታረጋግጪለታለሽ።

ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ አንድ ታሪክ አለ። እኔ ራሴ ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ማሳወቂያ አዘግይቼ ድርጅቱ ቅጣት ከፈለ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ በሰው ፊት ያነሣብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ቀላል ደብዳቤ እንኳ ሳላሳይ አልልክም ነበር። ይህን ልጅ ለብቻው ጠይቂው፤ ምን ሆኖ እንደነበር ሳይነግርሽ አይቀርም።

ከዚያ የምታደርጊው ነገር ለአንቺ ይከብድሻል፣ ምክንያቱም መልሱን እያወቅሽ ዝም ማለት ነው። ረቂቁን ይዞ ሲመጣ አትቀበዪው። “ይሄ ደረሰኝ ይቀነሳል?” ሲልሽ “አንተ ምን ትላለህ?” በዪው። “የገዢው ስም ላይ የኛ ድርጅት የለም፣ አይቀነስም” ካለ፣ “እኔም እንደዚያው ነው የማስበው” ብለሽ ተዪው። በሁለተኛው ወር ከማሳወቂያው ሁለት ቀን በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀመጣላችሁ፤ ያጠራጠሩትን ብቻ ያመጣል፣ ከውሳኔው ጋር። በሦስተኛው ወር የሚያመጣልሽ የወሰነውን ነው እንጂ የሚጠይቀውን አይደለም። የመላኪያውን ቁልፍ ሁልጊዜ እሱ ይጫን። ትክክል ስለሆነ አመስግኚው፤ ግን “ጎበዝ” ብቻ አትበዪው። “የትራንስፖርቱን ደረሰኝ ውድቅ ያደረግህበት ምክንያት ትክክል ነበር” በዪው። የሚፈራ ሰው ጠቅላላ ምስጋናን አያምንም።

የፔይሮሏን ጉዳይ ባጭሩ ላልፈው ነበር፣ ምክንያቱም መልሱ ግልጽ ይመስላል፦ አሥር ዓመት ሠርታለች፣ ተያትና ትሥራ። ግን “ተያት” ማለትና ማስረከብ አንድ አይደሉም። ማስረከብ ስምምነት አለው። ውጤቱ ምን ይመስላል፦ ደመወዝ ከወሩ ማለቂያ በፊት ባንክ ይደርሳል፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የድርጅቱ 11 በመቶ ጡረታ በጊዜው ገቢ ይሆናል። ምን ሲሆን ትነግርሻለች፦ የተከራከረ ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤት ተቀናሽ፣ ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር ምክንያቱ ያልታወቀ ለውጥ። ከዚህ ውጭ ማታ ማታ መስመር መቁጠርሽን አቁሚ። ኃላፊ ነሽና ፊርማሽ አለበት፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ አምስት ሠራተኛ በዕጣ መርጠሽ አስሊ፣ ይህን እንደምታደርጊም አስቀድመሽ ንገሪያት። ድንገት ከኋላ መጥቶ የሚያይ ሰው ነው የሚያንቅ፤ በታወቀ ቀን የሚያይ አያንቅም።

ይሁንና እሷም ሁልጊዜ በሁሉም ነገር እዚያ አትቆይም። በ2017 ክረምት የገቢ ግብር ማሻሻያው ሲወጣ ከግብር ነጻ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ሠንጠረዡም ተለወጠ። ለ10,000 ብር ደመወዝ በድሮው ስሌት 2,045 ብር ይቆረጥ የነበረው በአዲሱ 1,650 ሆነ። በዚያ ወር አሥር ዓመት የለመደ እጅ ይረዳል ወይስ ያሳስታል? ብዙ ቦታ ያየሁት የድሮውን ተቀናሽ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አዲሱን መስመር በድሮው ተቀናሽ ሲያሰላ ነው። በዚያ ወር ለዚያች አንድ ሥራ ከማስረከብ አንድ እርከን ወደ ኋላ መመለስ ተገቢ ነበር፤ አንድ እርከን ብቻ። “አብረን ሦስት ደመወዝ እናስላና እንየው” ማለት ይበቃል። ከማስረከብ ዘለሽ ወደ ማዘዝ ከወረድሽ አሥር ዓመቷን ነው የሰደብሽባት። በሚቀጥለው ወር ትክክል ከሆነ ተመልሰሽ አስረክቢያት።

አሁን ጋሼ። ይህ ከሁሉም የሚከብድሽ ነው፣ በዕድሜ አባትሽ ናቸውና። “አልነካም” ማለታቸውን እንደ እምቢታ ወስደሽዋል። በሥልጠናው አነጋገር ያልቻለና ያልፈለገ ሰው ይመስላሉ። እኔ ግን አለመፈለጋቸው ከአለመቻላቸው የመጣ ነው ባይ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ከካዝና ገንዘብ ያልጎደለባቸው ሰው፣ የልጅ ልጃቸው በምታክል ተመራቂ ፊት የመዳፊቱን ቀስት ሲያሳድዱ መታየት አይፈልጉም። ለማወቅ ከፈለግሽ የሚያዩአቸው ሰዎች በሌሉበት አቅርቢላቸው። ያኔም እምቢ ካሉ እምቢታ ነው፣ ሌላ ንግግር ይፈልጋል። እሺ ካሉ ፍርሃት ነበር።

እሺ ካሉ የሚያስፈልጋቸው ቁርጥ ያለ መመሪያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ኃላፊዎች ይሸሻሉ፤ ታላቅን ማዘዝ ነውር ነው ብለው አለሳልሰው፣ አለሳልሰው ምንም ሳይናገሩ ይመለሳሉ። መመሪያው የሚከብድ በይዘቱ አይደለም፣ በአቀራረቡ ነው። “እንዲህ ያድርጉ” ከማለት “ጋሼ፣ ነገ ከቢሮ መክፈቻ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ይስጡኝ፤ የዕለቱን ገቢ ደረሰኝ ብቻ እናስገባለን” ማለት ይቻላል። አንድ ገጽ ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ ቁልፎቹ በቅደም ተከተል ይጻፍላቸው፦ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍቱ፣ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የሂሳብ መለያውን፣ መጠኑን፣ ከዚያ ማስቀመጥ። ለአንድ ሳምንት ገቢ ብቻ። ክፍያ ቫውቸር በሁለተኛው ሳምንት። ስንት ደረሰኝ እንዳስገቡ ከእጅ መዝገባቸው ጋር እሳቸው ራሳቸው ያስታርቁ፤ ማስታረቅ የሠላሳ ዓመት ሥራቸው ነው፣ እዚያ ላይ አስተማሪ እሳቸው ናቸው። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ አዲሷ ልጅ የካሽ ቆጠራ እንድታይ ወደ እሳቸው ላኪያት። ጠዋት በአንድ ሥራ መመሪያ የተቀበሉት ሰው ከሰዓት በሌላ ሥራ ሙሉ ኃላፊነት ይይዛሉ፤ የእርሳቸው ክብርም ከፒችትሪው ጋር አብሮ አይወድቅም።

“ታበላልጣለች” የሚለውን ስጋትሽን በምስጢር አትፈቺውም። ነገሩን ለእያንዳንዳቸው ተናገሪ፤ ለቫቱ ልጅ “በቫት ላይ ከዚህ በኋላ ውሳኔው የአንተ ነው፣ በአዲሱ የዊዝሆልዲንግ ሥራ ግን እስክትለምድ በየቀኑ አይሃለሁ” ብለሽ በግልጽ። ሰው የሚከፋው የተለያየ አያያዝ ሲያይ አይደለም፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ሲያይ ነው።

ይህ አካሄድ የማይፈታውንም ልንገርሽ። የሚፈለገውን ያህል አልተፈተነም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ትክክልም ናቸው። ሮበርት ቬኪዮ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሐሳቡ በደንብ የሠራው ገና ጀማሪ የሆኑት ላይ ነበር፤ ከፍ ያለ ዝግጁነት ያላቸው ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ለአዲሷ ልጅና ለጋሼ ፒችትሪ የነገርኩሽን በልበ ሙሉነት አድርጊው፤ ለቫቱ ልጅና ለፔይሮሏ የነገርኩሽን ደግሞ እንደ ሙከራ ያዥው፣ በየወሩ ውጤቱን እያየሽ። ሌላው፣ ፈቃደኝነት ሁሉ በአመራር አይለወጥም። የፔይሮሏ ባልደረባሽ የተከፋችው አንቺ የያዝሽው ወንበር ለእሷ ይገባል ብላ ከሆነ፣ የትኛውም ሣጥን አይመልሰውም። ያንን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነው የምትጨርሺው። የኦዲት ሳምንት ሲመጣም ለሁሉም ትንሽ ወደ መመሪያ ታጋድያለሽ፤ “ይህ ለአምስት ቀን ነው” ብለሽ አስቀድመሽ ከተናገርሽ ማንም አይቀየምሽም።

የምትጀምሪው በሚቀጥለው ወር መዝጊያ አይደለም፣ ነገ ጠዋት በጋሼ ነው። አዲሷን ልጅ ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ። የቫቱን ልጅ ፋይሎች ግን ዛሬ ማታ አውጪያቸው፤ ሦስቱን ወር አስተያይተሽ ሳትጨርሺ ለእሱ ምንም አትናገሪው።